ከግራ የሚመጣ የመስኮት ብርሃን

የኑርሑሴን ሱቅ ባሕር ዳር ላይ ወደ ጣና በሚያወርደው መንገድ ዳር ናት፤ ጠባብ፣ ረዥም፣ ከበሩ እስከ ጓዳው በስፌት ዕቃ የታጨቀች። ሙዳዩ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አገልግሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ፣ ሰው የሚገባው ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ነው። በደጉ ጊዜ ገዳማቱን ሊያይ በጀልባ የሄደ እንግዳ ሲመለስ እዚያ በር ላይ ሳይቆም አያልፍም ነበር። አሁን በግጭቱ የተነሳ እንግዳ የለም። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ በአውሮፕላን የሚመጣውም ለስብሰባ የሚመጣ ሰው ነው፣ እሱም ከሆቴሉ ግቢ አይወጣም።

ሪሃብ የኑርሑሴን ልጅ ናት። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ሆቴሉ ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምር መጀመሪያ ከተሰናበቱት አንዷ እሷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የምትውለው ከአባቷ ጋር ሱቅ ነው። እናቷ ነፊሳ ካረፉ በኋላ ቤቱም ሱቁም የሁለቱ ብቻ ሆኗል። አባትየው ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ዕቃውን በአብዛኛው የሚለዩት በጣታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ከበሩ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና መንገዱን ያዳምጣሉ።

ሪሃብ የቴሌግራም ቻናል ከፍታ ነበር። ዕቃውን ባገኘችበት ቦታ በስልኳ አንስታ ትለጥፈዋለች። አንዱ ሙዳይ በጠራራ ፀሐይ ነጥቶ ይወጣል፤ ሌላው በአምፖል ብርሃን ቢጫ ይሆናል፤ በአንዱ ጥግ የአባቷ ጫማ ይታያል። ቻናሉን የሚያይ ሰው ነበር፣ የሚገዛ ግን አልነበረም።

ሔራን የደወለችው በዚያ ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ተቀምጣ በኢንተርኔት የቤት ጌጣጌጥ የምትሸጥ፣ ለሆቴሎችና ለአዳዲስ ቤቶች የምታቀርብ ወጣት ነጋዴ ናት።

«ዕቃችሁን ወድጄዋለሁ» አለች። «በዚህ ፎቶ ግን ላወጣው አልችልም። እኔ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቀን የተነሳ ነው የሚመስለው። ሰው የሚያምነው እንደዚያ ሲያይ ነው። የናንተንም እንደዚያ አድርጊልኝና ያላችሁን በሙሉ አወጣዋለሁ።»

«ፎቶ አንሺ የምንቀጥርበት አቅም የለንም» አለች ሪሃብ።

«ማን ቅጠሪ አለሽ? በኤአይ ሥሪው፤ በጽሑፍ የነገርሽውን ሥዕል አድርጎ ያወጣልሻል። እኔ ራሴ ብዙውን የሠራሁት በሱ ነው።»

ሪሃብ በዚያው ቀን ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ አፏ ላይ የመጣላትን ጻፈች። ስለ ሙዳዩ ስትጽፍ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር በፎቅ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መጣላት። ስለ ሰፌዱ ስትጽፍ ደግሞ ሣር ላይ፣ በሻማ ብርሃን ሆነ። ለየብቻቸው ሲታዩ አያስከፉም። ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን የአንድ ሱቅ ዕቃ አይመስሉም። እሷ ያልነገረችውን ሁሉ ማሽኑ ከራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላውም በየጊዜው ሌላ ነው፤ አንዴ ግድግዳ፣ አንዴ ደን፣ አንዴ ካሜራው ከላይ፣ አንዴ ከሥር።

ይህን ስታይ ሥራውን ለሁለት ከፈለችው። የማይለወጠውን ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጥንቃቄ ጻፈችው። ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚለወጠውን በቅንፍ ውስጥ ክፍት ቦታ አደረገችው። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነበር፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሙዳይ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስሙን እንዳለ ስትሰጠው የአበባ ማስቀመጫ ሠራላት፣ «ክዳን ያለው፣ ሆዱ ክብ የሆነ የሣር ስፌት» ስትለው ግን ቀረበ። ወደ አማርኛ ሲመለስ ጽሑፏ እንዲህ የሚል ነበር፦

«የሱቅ ዕቃ ፎቶ። [የዕቃው ቅርጽ በተራ ቃል]፣ ከ[የተሠራበት ነገር] የተሰፋ፣ መሠረቱ [ዋናው ቀለም]፣ በላዩ [የጌጡ ቀለምና ንድፍ] ያለው። የዕቃው አቀማመጥ፦ [ቆሞ / ግድግዳ ተደግፎ]። ዕቃው መሃል ላይ፣ ከሥዕሉ ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። ጀርባው ወጥ የሆነ የእንቁላል ቅርፊት ቀለም ግድግዳ፣ ሥሩ የዚያው ቀለም ጠረጴዛ። ከግራ የሚመጣ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን፣ ወደ ቀኝ የሚወድቅ ቀላል ጥላ። ካሜራው ከዕቃው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ። ሥዕሉ አራት ማዕዘን፣ ጎኖቹ እኩል። ሰው የለም፣ ሌላ ዕቃ የለም፣ ጽሑፍ የለም።»

የአቀማመጡ ክፍት ቦታ መጀመሪያ አልነበረም። ሁሉንም ከመሥራቷ በፊት እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ዕቃዎች መርጣ ሞከረችው፦ አንድ ረዥም፣ አንድ ድብልብል፣ አንድ ጠፍጣፋ። ረዥሙና ድብልብሉ ተስተካክለው ወጡ። ሰፌዱ ግን ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ከጎን ሲታይ ቀጭን መስመር ብቻ ሆነ። ጽሑፉን አፍርሳ እንደገና አልጻፈችውም፤ አንድ ክፍት ቦታ ጨመረችለትና ሰፌዱን ግድግዳ አስደገፈችው። ሌላም ነገር ተማረች። በቅንፉ ውስጥ «ውብ» ወይም «ዘመናዊ» የሚል ቃል ከገባ ቃሉ ዕቃው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ግድግዳውንም ብርሃኑንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በክፍቱ ቦታ የሚገባው የሚታይ ነገር ብቻ እንዲሆን ወሰነች፤ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ንድፍ።

ከሁሉ በላይ የደከመችበት ግን ከጽሑፉ በላይ ያስቀመጠችው መስመር ነበር። ማሽኑ በቃል ብቻ ከተነገረው ሙዳይ ይሠራል እንጂ የነሱን ሙዳይ አይሠራም። ስለዚህ ዕቃውን በስልኳ አንስታ ከጽሑፉ ጋር አያያዘችና «በተያያዘው ፎቶ ያለውን ዕቃ እንዳለ ጠብቅ፤ ቅርጹን፣ ስፌቱን፣ ቀለሙን፣ ጉድለቱንም አትንካ፤ የምትለውጠው ጀርባውንና ብርሃኑን ብቻ ነው» ብላ ጻፈች። እንደዚያም ሆኖ አንዳንዴ ያጭበረብራል፤ የተወላገደውን ጠርዝ ያቃናዋል። ሥዕሉን ከዕቃው ጋር አስተያይታ ያልመሰለውን ትጥለውና እንደገና ታሠራዋለች።

ሥራው አሰልቺ ነበር፣ ግን አማረ። ስልኳን ለአባቷ ወደ ዓይናቸው አስጠግታ ያንን ሁሉ ሙዳይና ሰፌድ በተርታ አሳየቻቸው።

«ግድግዳው የማን ቤት ነው?» አሉ ኑርሑሴን።

«የማንም አይደለም፣ አባ። የለም።»

«ያምራል» አሉ፤ ለረዥም ጊዜም ስልኩን ከእጃቸው አልለቀቁትም።

ሔራንም ወደደችው። «እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ አንድ ያደረግሽው?» ስትላት ሪሃብ ደስ ብሏት ጽሑፉን ከነቅንፉ ላከችላት። የደበቀችው ነገር አልነበረም። ከሆቴሉ ከተሰናበተች ወዲህ ሥራሽ ጥሩ ነው ያላት ሰው ሔራን ብቻ ናት።

ጥቂት ትዕዛዝ መጣ። ሪሃብ ዕቃውን በካርቶን ጠቅልላ ላከች፣ የተቀበሉትም ሰዎች በሥዕሉ ያዩት ራሱ እንደደረሳቸው ጽፈው አመሰገኑ። አባቷ ያን ሰሞን በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ ያንጎራጉሩ ነበር።

የስፌቱ ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ ነው። እዚያ ወለተ ኪዳን የሚባሉ ሴት አሉ። ራሳቸው ይሰፋሉ፣ የጎረቤቶቻቸውንም ሥራ ይሰበስቡና በጀልባ አስጭነው ለኑርሑሴን ያመጣሉ። ይህ ግንኙነት ሪሃብ ሳትወለድ የተጀመረ ነው። በዚያ ዓመት ግን ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ተዘጋ፣ የጀልባውም ጉዞ ተቋረጠ፤ የስልክ ኔትወርኩም ወደዚያ በኩል አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ እየተመናመነ ሄደ።

ሔራን ደወለች። «ለበዓል ገጹን ሙሉ አድርጌ መክፈት አለብኝ። የቀሩትን ሥዕሎች ላኪልኝ።»

«ዕቃው ገና አልደረሰም። ፎቶ ሳላነሳው እንዴት እሠራዋለሁ?»

«ዕቃውን ታውቂው የለ? በቃል ሙይው። ክፍቱን ቦታ ሙይ፣ በቃ። ትዕዛዝ እስኪመጣ ዕቃው ይደርሳል።»

«የላይኛውን መስመር ላውጣው ነው የምትዪኝ?»

«ሪሃብ፣ የኔ እህት» አለች ሔራን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባዶ ገጽ ማንም አይገዛም። እኔም ሌላ አቅራቢ እንድፈልግ አታድርጊኝ።»

ሪሃብ ነገሩን ለአባቷ ነገረቻቸው። ኑርሑሴን ጢማቸውን እየነካኩ አሰቡ።

«የሚመጣው የወለተ ኪዳን ሥራ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ሙዳይ ብለሽ ሙዳይ ነው የምትልኪው?»

«አዎ፣ አባ። ግን ሥዕሉ ያ ሙዳይ አይሆንም።»

«የሷ ስፌት ከሥዕል አያንስም» አሉ። በዚያው ነገሩን ተዉት።

ሪሃብ ወደ ስልኳ ተመለሰች። የተያያዘውን ፎቶ የሚመለከተውን መስመር አጠፋችው። ቀሪውን አልነካችም። ክፍቶቹን ቦታዎች ወለተ ኪዳን ከዚህ በፊት ካመጡት እያስታወሰች ሞላቻቸው፦ ቀይና አረንጓዴ የተነከረ አለላ፣ ጥቁር ሐረግ፣ ኮከብ። ሥዕሎቹ ተከታትለው መጡ። ግድግዳው ያው ነው፣ ብርሃኑ ከግራ ያው ነው፣ ጥላውም ያው። ከፊተኞቹ ጋር ስትቀላቅላቸው ራሷም የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት። እንዲያውም አዲሶቹ ያምሩ ነበር። ኮከቡ አንድም ጨረሩ አልተጣመመም፣ ቀለሙ እንደ ሐር ያበራል። መልካም እንዳልሠራች ታውቃለች። ላከችው።

ትዕዛዙ በዓሉ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተንጋጋ። የፈለጉት አብዛኞቹ እነዚያን አዲሶቹን ነው።

ጀልባው የተንቀሳቀሰው ከብዙ መጠበቅ በኋላ ነው። ወለተ ኪዳን ራሳቸው መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭነቱን በሁለት ተሸካሚ አስይዘው። ከኑርሑሴን ጋር ብዙ ተጠያየቁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰው ጤና፣ ስለጠፉት ሰዎች አወሩ፤ ስለጠፉት ሲያወሩ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አያ ኑርሑሴን፣ አክርማው ሣር ዘንድሮ ብርቅ ሆነ» አሉ ወለተ ኪዳን። «ወደ ለቀማው መውጣት አስፈራ። ያለውን አብቃቅተን ሰፋን። አለላውም እንዳምና አይደምቅም፣ ቀለም የሚሸጠው ሰው ከቆላ ድባ መምጣት ትቷል።»

ሪሃብ ጭነቱን ፈታች። ስፌቱ ጠንካራ ነበር፣ ጥብቅ፣ የሣሩ ሽታ ገና ያልለቀቀው። ቀይ ብላ የጻፈችው ደብዛዛ ቡኒ ነው። ኮከብ ያለችው አንድ ብቻ ላይ አለ፣ እሱም አንድ ጎኑ ሰፋ ብሏል፤ አንዲት ሌላ ሴት ጨርሳው ይሆናል። የቀረው መስመር መስመር ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ እያላት በየቦታው ትሰቅለው ነበር። አሁን ግን አንድ በአንድ እያነሳች ከስልኩ ጋር አስተያየችና መልሳ መሬት አስቀመጠችው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ወለተ ኪዳን። «አልወደድሽውም?»

«ኧረ ወድጄዋለሁ፣ እትዬ። ሰዎቹ ያዘዙት ግን ይኼን ነው።» ስልኩን አሳየቻቸው።

ወለተ ኪዳን ሥዕሉን አስጠግተው አዩት። ፊታቸው ፈካ። «ይኼን ማን ሰፋው?»

«ማንም አልሰፋውም። እኔ ጽፌ ነው ያሠራሁት። ማሽን ነው የሣለው።»

ሴትዮዋ ስልኩን መለሱላት። ከዚያ «የሰው ሥራ መስሎኝ ቀናሁ» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። «እንግዲህ እሞክረዋለሁ። ጀልባው እስኪመለስ ከእኅቴ ልጅ ቤት አለሁ።»

ሪሃብ አይሞክሩት ማለት ነበረባት። ግን ትዕዛዙ አለ፣ ሔራን አለች፣ አባቷም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሥዕሉን አሳትማ ሰጠቻቸው።

ወለተ ኪዳን ወስፌያቸውን ይዘው ከሱቁ ጓዳ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ሰፉ፣ በማግስቱ ፈቱት። ሥዕሉ ላይ ያለው ሐረግ ከፊት ሲታይ ልክ ነው፤ ዙሪያውን ሲከተሉት ግን ከጀመረበት አይገጥምም፣ ክሮቹም መሃል ላይ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። ሥዕሉ የተሠራው እንዲታይ እንጂ እንዲሰፋ አልነበረም። ሪሃብ ይህን ስታስረዳቸው ወለተ ኪዳን አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ግን ያመኗት አልመሰላትም። ጥፋቱ የራሳቸው እጅ እንደሆነ አድርገው ነው የያዙት።

«ድሮ ቢሆን እይዘው ነበር» አሉ፤ ጣታቸውን እያሻሹ። «አረጀሁ መሰል።»

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ማንም አይችለውም።»

«ተይው ልጄ።»

ሌላ አማራጭ አልነበረም። የመጣውን ዕቃ ላኩት። ሪሃብ በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ዕቃው በእጅ የተሰፋ ስለሆነ ከሥዕሉ እንደሚለይ የሚገልጽ ወረቀት አስገባች። ወረቀቱ ምንም አልፈየደም። በበዓሉ ማግስት የሔራን ገጽ ሥር ሰዎች ሥዕሉንና የደረሳቸውን ዕቃ ጎን ለጎን አድርገው መለጠፍ ጀመሩ። አንዷ «ኮከብ አዝዤ ቡኒ ሰፌድ ደረሰኝ» ብላ ጻፈች። ሌላው ሱቁን በስሙ ጠርቶ ሌባ አለው።

ሪሃብ ያልጠበቀችው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ የገዙት፣ በትክክል ያ በፎቶ የተነሳው ዕቃ የደረሳቸው ሰዎች እንኳ መጠራጠር ጀመሩ። ገና ያልተላከላቸው ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ያልተሸጡት እውነተኞቹ ሙዳዮች፣ ለእያንዳንዳቸው ፎቶ አንስታ፣ ጠርዛቸውን አስተያይታ የሠራቻቸው፣ ከፈጠራዎቹ ጋር አብረው ተወገዙ። የሚለያቸው ነገር አልነበረማ። ግድግዳው አንድ ነው፣ ብርሃኑ አንድ ነው። ያንን አንድነት ለማምጣት ነበር የደከመችው።

ለሔራን ደወለች። «የፊተኞቹ እውነት እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ፎቶዎቹን ላክሁልሽ እኮ። እነሱን ለይተሽ ንገሪልኝ።»

«ማን ይሰማኛል አሁን?» አለች ሔራን። ድምጿ ደክሞ ነበር እንጂ አልተቆጣችም። «እኔም ከስሬያለሁ። የተመለሰውን ዕቃ በሙሉ እልክልሻለሁ፣ ማስቀመጫ የለኝም።»

«በቃል ሙይው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ነኝ። አልካድኩም። ግን የሞላሽው አንቺ ነሽ።»

ሪሃብ ስልኩን ዘጋችው። እውነት ነበር።

የተመለሰው ዕቃ ሲደርስ ካርቶኖቹ ዝናብ መትቷቸው ነበር። ግማሹ ሻግቷል። ኑርሑሴን እየዳሰሱ የሚድነውን ከማይድነው ለዩ። ልጃቸውን አልወቀሷትም፤ ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

ሪሃብ ተስፋ አልቆረጠችም ወይም ላለመቁረጥ ሞከረች። ማሽኑን ተወችው። አንዱን ሙዳይ ይዛ ወደ ጓዳው ሄደች፤ እዚያ በግራ በኩል ትንሽ መስኮት አለች። ክሬም ቀለም ያለው አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥራ ዕቃውን ፊት ለፊቱ አስቀመጠችና በስልኳ አነሳችው። ጥላው ወደ ቀኝ ወደቀ። ከዚህ በፊት ያልታያት ነገር ታያት፤ ጠዋት ጠዋት የዚህች መስኮት ብርሃን ይበቃል። እያንዳንዱን ዕቃ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ አነሳች። ማሽን ምንም አልነካውም። ቻናሉ ላይ ለጠፈችው።

የመጣው መልስ አንድ ነበር። አንድ የማታውቀው ሰው «ይኼም ኤአይ ነው» ብሎ ጻፈ። ሪሃብ አይደለም ብላ መለሰችለት፤ አንሶላውንም መስኮቱንም የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ላከችለት። ሰውየው «እሱንም ይሠራዋል» አላት። ከዚያ በኋላ የጻፈ ሰው የለም።

የሔራን ገጽ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ እንደገና ተከፈተ። ሪሃብ አንድ ቀን ስታየው የገዛ ግድግዳዋን አገኘችው። የእንቁላል ቅርፊት ቀለሙ፣ ከግራ የሚመጣው ብርሃን፣ ወደ ቀኝ የሚወድቀው ጥላ፣ ሰፌዱ ግድግዳ የተደገፈበት አኳኋን ሁሉ ያው ነው። በቅንፉ ውስጥ የገባው ብቻ ተለውጧል። ከውጭ የሚገባ የፕላስቲክ ሙዳይ ነበር፣ በፋብሪካ የታተመ ኮከብ ያለው፣ አንዱ ከአንዱ ቅንጣት የማይለይ። ይህኛው ለገዢው ሲደርሰው ሥዕሉን ይመስላል። ከሥሩ የተጻፈው ምስጋና ብዙ ነበር። ሪሃብ ለሔራን ልትጽፍላት ጀምራ ተወችው። ጽሑፉን የሰጠቻት ራሷ ናት፤ በደስታ ነው የሰጠቻት።

ወለተ ኪዳን በመጋቢት እንደገና መጡ። የሆነውን አልሰሙም፤ ሪሃብ በስልክ ልትነግራቸው ብዙ ጊዜ ሞክራ መስመሩ አልገባላትም ነበር። ጀልባ መውረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። ጭነቱ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ወለተ ኪዳን ከላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው አንድ ሙዳይ አወጡ።

«እዪው እስቲ» አሉ።

ኮከብ ነበር። ሐረጉን ትተውት ኮከቡን ብቻ ይዘው፣ የሚዞርበትን በራሳቸው አስልተው ሰፍተውታል። ቀለሙን ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቅ፣ ቀይ ነው፣ የጠራ ቀይ። ሪሃብ አገላብጣ አየችው። ከሥዕሉ ጋር አንድ አይደለም። ግን ያየ ሰው ይወደው ነበር።

«ሌሎቹንም ሴቶች አስተማርኋቸው» አሉ ወለተ ኪዳን። «ይኼ ሁሉ ኮከብ ነው። ትዕዛዝ አለ ስላልሽ ሌት ተቀን ሰፋን።»

ሪሃብ ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መስመሩን ማጥፋቷን ሳይቀር። ወለተ ኪዳን ሳያቋርጡ ሰሟት። ተሸካሚዎቹ ጭነቱን መሬት አውርደው ይጠብቃሉ፤ ዓሣ የጫነ ጀልባ ገብቶ ሰው ይራኮታል።

«ታዲያ አሁን ማንም አይገዛም?»

«አይገዛም፣ እትዬ። እኛም ጋ የተመለሰው ተከምሯል። አባቴ ሱቁን ሊለቁ ነው።»

«ነገር ግን ይኼ ኮከብ ነው» አሉ ወለተ ኪዳን፣ ያልሰማቻቸው መስሏቸው።

«አየሁት። በጣም ያምራል።»

«ፎቶ አንሥተሽ ብታሳዪያቸውስ?»

ሪሃብ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ወለተ ኪዳን ፊቷን አዩትና ሁለተኛ አልጠየቁም። ሙዳዩን ከእጇ ተቀብለው ወደ ጭነቱ መለሱት፣ ጨርቁንም አለባብሰው አሰሩት።

«አያ ኑርሑሴንን ሰላም በይልኝ» አሉ። «ደግሞ ቢያዩኝ ያዝናሉ። ጀልባው ሳይሞላ ልመለስ።»

«ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ። እህል ይቅመሱ።»

«አይ፣ ሴቶቹ ይጠብቁኛል። ምን ልበላቸው ብዬ መንገድ ላይ ላስብበት።»

ተሸካሚዎቹ ጭነቱን መልሰው ወደ ጀልባው አወጡት። ሪሃብ አብራቸው አንዱን ጥቅልል ያዘች። ስፌት ቀላል ዕቃ ነው፤ እጇ ላይ ምንም ክብደት አልነበረውም። ወለተ ኪዳን ከእህል ጆንያዎቹ መሃል ቦታ አግኝተው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ሞተሩ ተነሳ።

ሱቅ ስትመለስ አባቷ በርጩማቸው ላይ ነበሩ።

«ወለተ ኪዳን መጣች መሰለኝ፣ ጀልባ ሰማሁ» አሉ።

«መጥተው ነበር። ተመለሱ።»

ኑርሑሴን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ምን ይዛ ነበር?»

«ኮከብ» አለች ሪሃብ፣ ከዚያም የሰፌዶቹን መስቀያ ምስማሮች ከግድግዳው መንቀል ቀጠለች።